ጣቢያውን የሚውጠው ቻርጀር

ሾፌሩ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ደብረ ብርሃን እየነዳ ነው። ሬዲዮው 97.1 ላይ ተከፍቷል። የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ሲል የመኪና ቻርጀሩን ከሲጋራ መለኮሻው ላይ ይሰካል፤ ወዲያው የጋዜጠኛው ድምፅ በሽሽታ ይዋጣል። ሲነቅለው ድምፁ ይመለሳል፣ ሲሰካው ደግሞ ይጠፋል። ከተማ ውስጥ ሳለ ይህ ነገር አልገጠመውም ነበር። የኤፍኤም መቀበያ ሁለት ሞገዶች በአንድ ላይ ሲደርሱት ጠንካራውን ይዞ ደካማውን ይተዋል። ከማሰራጫው እየራቁ ሲሄዱ ግን የጣቢያው ሞገድ ይደክማል፣ ቻርጀሩ ከሬዲዮው አጠገብ እንዳለ ነው፣ ስለዚህ የበላይነቱን ቻርጀሩ ይወስዳል።

ነገሩ ግራ የሚያጋባው ቁጥሮቹን ያየ ሰው ላይ ነው። የጣቢያው ሞገድ በሰከንድ 97 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። ቻርጀሩ ውስጥ ያለው ትራንዚስተር ግን የሚከፈተውና የሚዘጋው በሰከንድ 500 ሺህ ጊዜ ያህል ነው፤ ከሬዲዮው ሞገድ ወደ 200 እጥፍ ይዘገያል። ታዲያ እንዴት ደረሰበት?

የመኪናው ባትሪ 12 ቮልት ይሰጣል፤ ሞተሩ ሲነሳ ወደ 14 ይጠጋል። ስልኩ የሚፈልገው 5 ቮልት ነው። ቻርጀሩ ትርፉን በሙቀት አያባክነውም። ትራንዚስተሩ 12 ቮልቱን ቶሎ ቶሎ እየቆረጠ ያስገባል፣ ከበስተኋላው ያለው የሽቦ ጥቅልል ደግሞ ቁርጥራጩን አለስልሶ ወደ 5 ቮልት ያወርደዋል። እንዲህ ያለ የተቆራረጠ ሞገድ በራሱ ድግግሞሽ ብቻ አይወሰንም። 500 ኪሎኸርዝ ላይ ያለው ሞገድ በ1 ሜጋኸርዝ፣ በ1.5፣ በ2 እያለ ብዜቶቹን ይወልዳል፤ 194ኛው ብዜት 97 ሜጋኸርዝ ላይ ያርፋል።

ብዜቱ እዚያ ሲደርስ ምን ያህል ጉልበት እንደሚቀረው የሚወስነው የመቁረጡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ የጠርዙ ፍጥነትም ነው። ቮልቴጁ ከዜሮ ወደ 12 ለመውጣት 5 ናኖሰከንድ ከፈጀበት፣ የብዜቶቹ ጉልበት እስከ 64 ሜጋኸርዝ አካባቢ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው በፍጥነት የሚወርደው። ጠርዙ 3 ናኖሰከንድ ከሆነ ይህ መታጠፊያ ወደ 106 ሜጋኸርዝ ይገፋል። የኤፍኤም ጣቢያዎች የሚሰራጩት ከ88 እስከ 108 ባለው ውስጥ ነውና አብዛኞቹ ከመታጠፊያው በታች ይወድቃሉ ማለት ነው። ለንጽጽር፣ ብርሃን ራሱ በ3 ናኖሰከንድ የሚሄደው 90 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። መሐንዲሶች ጠርዙን የሚያፋጥኑት ወደው ነው፤ ትራንዚስተር የሚሞቀው በመከፈትና በመዘጋት መካከል በሚቆይባት ቅጽበት ስለሆነ ቅጽበቷ ባጠረች ቁጥር ቻርጀሩ ቀዝቃዛና ትንሽ ይሆናል። የቀድሞው ወፍራም ቻርጀር ሬዲዮውን ሳይነካ አዲሱ ጣት የሚያህለው የሚረብሽበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ቦርዱ እንግባ። ትራንዚስተሩ በተከፈተ ቁጥር 2 አምፒር ኮረንት በ5 ናኖሰከንድ ውስጥ ይጠይቃል እንበል። ማንኛውም ሽቦ፣ ቀጥ ያለም ቢሆን፣ ለድንገተኛ የኮረንት ለውጥ እምቢ የሚል ባሕርይ አለው፤ ኢንዳክታንስ ይባላል፣ በግምት በአንድ ሚሊሜትር 1 ናኖሄንሪ ይሆናል። ኮረንቱ 20 ሚሊሜትር ዞሮ የሚመጣ ከሆነ 20 ናኖሄንሪ ተደቅኖበታል። 20 ናኖሄንሪን በ2 አምፒር አባዝቶ ለ5 ናኖሰከንድ ማካፈል ነው፤ ውጤቱ 8 ቮልት። ከ12 ቮልት መስመር ላይ ለቅጽበት 8 ቮልት የሚያናጋ ምት በሰከንድ 500 ሺህ ጊዜ ይመታል፣ ከመስመሩ ጋር የተገናኘው ሽቦ ሁሉም አብሮ ይናጣል።

የካፓሲተሩ ሥራ እዚህ ይጀምራል። ጠጋኞች ኮንደንሰር የሚሉት ይኸው ነው። ባትሪው እንደ ከተማው የውኃ መስመር ሩቅ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ቀረብ ይላል፤ ቢሆንም ምድጃ ላይ ያለው ድስት ሊያር ሲል የሚያድነው አጠገቡ የተቀመጠው የጣሳ ውኃ ነው። ሴራሚክ ካፓሲተር ለትራንዚስተሩ ያቺ ጣሳ ናት፦ የያዘችው ጥቂት ነው፣ ነገር ግን ወዲያው ትደርሳለች። ቀጥሎ ሮቶው ጣሳዋን ይሞላል፣ ቀስ ብሎ ደግሞ ባትሪው ሮቶውን ይሞላል። ድንገተኛው ኮረንት ከካፓሲተሩ ወጥቶ፣ በትራንዚስተሩ አልፎ፣ ወደ ካፓሲተሩ የሚመለሰው በአጭር ቀለበት ውስጥ ነው። ቀለበቱ ወደ 2 ሚሊሜትር ቢያጥር ያ 8 ቮልት ወደ 0.8 ይወርድ ነበር። እውነተኛ ቦርድ ላይ እዚህ ድረስ መውረድ ይከብዳል፣ አቅጣጫው ግን ይህ ነው።

ብዙ ጠጋኝ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ ሲሰማ ትልቅ ካፓሲተር ይጨምራል፣ እግሮቹንም ረዘም አድርጎ ይበይዳል። 0.1 ማይክሮፋራድ የሆነ ትንሽ ሴራሚክ ካፓሲተር ከነመንገዱ 1 ናኖሄንሪ ብቻ ቢኖረው፣ እስከ 16 ሜጋኸርዝ አካባቢ እንደ ካፓሲተር ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ኢንዳክታንሱ ያይላል። ይሁን እንጂ በ100 ሜጋኸርዝ ላይ የሚያሳየው ተቃውሞ ገና 0.6 ኦም ነውና ሁከቱን ወደ ራሱ ይስባል። ያው ካፓሲተር በረጅም እግር 10 ናኖሄንሪ ከተጨመረበት ተቃውሞው ከ6 ኦም ያልፋል። የዕቃው ዋጋ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእግሩ ርዝመት ነው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ በትንሽ አካል ብዙ የሚይዙት ሴራሚኮች ቮልቴጅ ሲጫናቸው አቅማቸው ይቀንሳል፤ 10 ማይክሮፋራድ ተብሎ የተገዛው 12 ቮልት ላይ ከግማሽ በታች ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚችለው ቮልቴጅ ከፍ ያለውንና አካሉ ተለቅ ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል።

ካፓሲተሩ ምንም ቢቀርብ ጥቂት ሁከት ያመልጠዋል። ያመለጠውን በር ላይ የሚጠብቀው ፌራይት ነው። ፌራይት ከብረት ኦክሳይድና ከሌሎች ማዕድናት ዱቄት ተጨምቆ እንደ ሸክላ የሚተኮስ ጥቁር ቁስ ነው። ዮጎሮ ካቶና ታኬሺ ታኬይ በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1930 ፈለሰፉት፤ በፈጠራቸው ላይ ተመሥርቶ በ1935 የተቋቋመው ኩባንያ ዛሬም ቲዲኬ በሚል ስም ይሠራል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ኒኬልና ዚንክ ያለበት ዓይነት ነው። የሩዝ ፍሬ በማታክል የፌራይት ዶቃ ውስጥ የሚያልፈው ቀጥተኛ ኮረንት የሚገጥመው የአንድ ኦም ጥቂት ክፍልፋይ ነው፤ በ100 ሜጋኸርዝ የሚርገበገበው ግን 600 ኦም ሊገጥመው ይችላል። አስፋልት ላይ እንዳለ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው፦ ቀስ ያለው ሳይሰማው ያልፋል፣ የሚበረው ይናጣል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ሁከቱን ወደመጣበት አለመመለሱ ነው፤ በዚያ ድግግሞሽ ላይ ዶቃው በዋናነት ሬዚስተር ስለሚሆን ጉልበቱን በውስጡ ሙቀት አድርጎ ያስቀረዋል።

ቦታው ግን መለየት አለበት። ዶቃው የሚገባው ከመኪናው በሚመጣው 12 ቮልትና በካፓሲተሩ መካከል ነው። በካፓሲተሩና በትራንዚስተሩ መካከል ከገባ ትራንዚስተሩን ከጣሳው ይለየዋል፣ ያ 8 ቮልትም ብሶ ይመለሳል።

ዶቃው የራሱ ድክመት አለው። ቀጥተኛ ኮረንት ሲበዛበት ማግኔታዊ አካሉ ይጠግባል፤ ከተፈቀደለት ግማሹ ሲያልፍበት እንኳ ከችሎታው አብዛኛውን ሊያጣ ይችላል። 5 ቮልት በ2 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ከ12 ቮልቱ 1 አምፒር ያህል ስለሚስብ፣ 1 አምፒር የሚል ዶቃ መግዛት ለስሙ ብቻ ነው፤ 3 አምፒር የሚችል ያሻል። ሁለተኛው ድክመት በዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ይታያል። እዚያ ዶቃው ሬዚስተር ሳይሆን ጥቅልል ነው፣ ጥቅልልና ካፓሲተር ሲገናኙ ደግሞ እንደ ክራር ክር የራሳቸው ቅኝት ይኖራቸዋል። 1 ማይክሮሄንሪ ያለው ዶቃ ከ1 ማይክሮፋራድ ጋር ሲጣመር ቅኝቱ 159 ኪሎኸርዝ ይሆናል። በ150 ኪሎኸርዝ የሚቆርጥ ቻርጀር ላይ ይህን ጥንድ ያስገባ ሰው ሁከቱን ሊያጠፋ ሲል ያጎላዋል። መፍትሔው ከካፓሲተሩ ጎን 10 ማይክሮፋራድ ያለው ሌላ ካፓሲተር ከ1 ኦም ሬዚስተር ጋር አያይዞ ማስቀመጥ ነው፤ ሬዚስተሩ ንዝረቱን ይውጠዋል።

እስካሁን የተወራው ስለ ቦርዱ ነው። ሽሽታውን አየር ላይ የሚያወጣው ግን ቦርዱ ብቻውን አይደለም፤ አንቴና ያስፈልገዋል። በ97 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ሩብ 77 ሴንቲሜትር ያህል ነው፣ የስልክ ኬብል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜትር ገደማ ነው። ለአንቴናነት እጅግ ይቀርባል። የሚያስፈልገውም ኮረንት ኢምንት ነው፦ 1 ሜትር ኬብል ላይ በ50 ሜጋኸርዝ የሚርገበገብ 5 ማይክሮአምፒር፣ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ ለቤት ዕቃዎች የወሰነውን ጣሪያ ለመንካት ይበቃል። ስልኩን ከሚሞላው 2 አምፒር ጋር ሲነጻጸር አራት መቶ ሺህኛ ነው።

ይህ ክፉ ኮረንት ከመልካሙ የሚለየው በአካሄዱ ነው። ስልኩን የሚሞላው በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ይመለሳል፤ ሁከቱ ግን በሁለቱም ሽቦዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎርፋል። አሮጌ የኮምፒውተር ኬብል ጫፍ ላይ ያለው እብጠት የሚጠቀመው በዚህ ልዩነት ነው። ውስጡ የፌራይት ቀለበት አለ፣ መላው ኬብል በውስጡ ያልፋል። የሚሄደውና የሚመለሰው ኮረንት በቀለበቱ ውስጥ ስለሚጣፉ 2 አምፒሩ አያጠግበውም፤ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሮጠው ብቻ ይያዛል። ተከፍቶ ኬብል ላይ የሚገጠም ቀለበት 150 ኦም ቢጨምርና በመስመሩ ላይ አስቀድሞ 150 ኦም ቢኖር፣ ሁከቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በጆሮ ብዙም ላይሰማ ይችላል። ኬብሉ ሁለት ጊዜ ከተሽከረከረበት ግን የቀለበቱ ድርሻ ወደ አራት እጥፍ፣ ማለትም 600 ኦም ይጠጋል፣ ሁከቱም ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ዙሩን እየጨመሩ መሄድ ግን አይቻልም፤ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ሲቀራረቡ ሁከቱ ከዙር ወደ ዙር እየዘለለ ማለፍ ይጀምራል።

ችግሩ ያለበትን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። መኪናው ቆሞ ሬዲዮው ደካማ ጣቢያ ላይ ይደረጋል። መጀመሪያ ቻርጀሩ ያለ ኬብል ይሰካል፣ ቀጥሎ ኬብሉ ብቻ፣ በመጨረሻ ስልኩ ይገናኛል። ሽሽታው ኬብሉ ሲገባ ከጀመረና ኬብሉን ሲያንቀሳቅሱት ከተለዋወጠ አንቴናው ኬብሉ ነው፤ ቀለበቱ ከቻርጀሩ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ይገጠማል፣ ስልኩ ጫፍ ላይ ሲገጠም ሜትሩ ሁሉ ክፍት ይቀራልና። ስልኩ ሲገናኝ ብቻ የሚበረታ ከሆነ ኮረንቱ ሲጨምር የሚብሰው የቦርዱ ቀለበት ነው የሚጠረጠረው። ያለ ኬብልም ከተሰማ ግን ሁከቱ የሚወጣው በ12 ቮልቱ በኩል፣ በመኪናው ሽቦ ነው፤ ኬብሉ ላይ የሚደረግ ቀለበት አይረዳውም፣ ቻርጀሩ ተከፍቶ ካፓሲተሩ ወደ ትራንዚስተሩ መጠጋት፣ ዶቃውም መግቢያው ላይ መግባት አለበት። ይህን በ12 ቮልት የመኪና ቻርጀር ላይ መሞከር ይቻላል። ግድግዳ ላይ የሚሰካው ቻርጀር ግን ከ220 ቮልቱ 310 ቮልት ያህል አከማችቶ ከተነቀለም በኋላ ሊይዝ ስለሚችል፣ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ተከፍቶ የሚሞከር አይደለም።