ፊት የሚያቀላው ቅባት ሲቋረጥ ለምን ያቃጥላል?

ኒካሕ ሲቃረብ ለሙሽራዋ ምክር የሚሰጠው ብዙ ነው። «ትንሽ ቀላ ብትዪ ያምርብሻል» የሚለው ግን ከምክር ይልቅ ጫና ነው። በቋንቋችን «ቀይ ናት» ማለት ብቻውን ሙገሳ ስለሆነ፣ ጠይሟ እህታችን አንድ ነገር የጎደላት ይመስላታል። ከዚያም ከሱቅ ያገኘችውን ቅባት ትጀምራለች።

ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ክሎቤታሶል የተባለ ኃይለኛ ስቴሮይድ አለባቸው። ሐኪም ለቆዳ በሽታ ሲያዘው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሳምንት አያስበልጥም፤ ለፊት ደግሞ በእጅጉ ይጠነቀቃል። መድኃኒቱ የቆዳን የደም ሥሮች ያጠብባል፣ ቆዳን የሚያጠቁረውን ቀለምም ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ፊቷ ይጠራል፤ ያየ ሁሉ ያደንቃል።

ወራት ሲያልፉ ግን ቆዳዋ ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል። ደንግጣ ስታቆም ፊቷ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ያቃጥላል። መልሳ ስትቀባው ይበርድላታል። «ያለሱ አልሆንም» የምትለው ያኔ ነው። ወጥመዱም እዚሁ ላይ ነው፤ የሚያቃጥላት ራሱ ቅባቱ ያስለመዳት ቆዳ ነው።

ማሸጊያው ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ካለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንግዛው። ይዘቱ ያልተጻፈበትን፣ ተቀላቅሎ የሚሸጠውንም እንተወው። ለወራት የተቀባች እህት ግን በራሷ ድንገት ከምታቋርጥ፣ ቅባቱን ይዛ ወደ ቆዳ ሐኪም ትሂድ፤ አወሳሰዱን ቀስ በቀስ መቀነስ ሊያስፈልግ ይችላል። እኛ ዘመዶቿም «ቀላ በይ» ማለታችንን እናቁም።