በዙር 1:48፦ አሰልጣኙ የላከው ቁጥር ከየት መጣ?

በኢንተርቫል ልምምድ ሯጩ አንድን አጭር ርቀት በተወሰነ ፍጥነት ይሮጣል፣ በሶምሶማ ያርፋል፣ ከዚያም ይደግማል። አሰልጣኝ ለክለቡ ሯጭ የስድስት ሳምንት የኢንተርቫል ፕሮግራም ሲልክ መልእክቱ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መስመር አያልፍም። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ ከሥራ በኋላ የሚለማመድና 5 ኪሎ ሜትርን በ22 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ የሚጨርስ ሯጭ እንዲህ ያለ መልእክት ሊደርሰው ይችላል፦

«በየሳምንቱ ማክሰኞ። 1ኛ ሳምንት 8 ጊዜ 400፣ 2ኛ 5 ጊዜ 800፣ 3ኛ 5 ጊዜ 1,000፣ 4ኛ ቀለል አድርገን 6 ጊዜ 400፣ 5ኛ እንደገና 5 ጊዜ 1,000፣ 6ኛ 3 ጊዜ 800፣ እሑድ ደግሞ የ5 ኪሎ ሜትር ሙከራ። ሁሉም በዙር 1:48። ከዚያ እንዳትፈጥን።»

ሯጩን የሚያስገርመው የመጨረሻው መስመር ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ ፍጥነት? በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሰከንድ እየቀነሰ የሚሄድ ፕሮግራም የበለጠ እድገት ያለው ይመስላል። አሰልጣኙ ግን ፍጥነቱን የወሰደው ሯጩ ዛሬ ካለው አቅም ነው። 22 ደቂቃ ከ30 ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ኪሎ ሜትር 4:30 ይሆናል። ይህ በ400 ሜትር መም ላይ በዙር 1:48፣ በ800 ሜትር ደግሞ 3:36 ማለት ነው። ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙን ወደ ጣሪያው ለማድረስ ይህ ፍጥነት ይበቃዋል።

ሯጩ ዓላማው 5 ኪሎ ሜትርን በ20 ደቂቃ መጨረስ ቢሆንና «ታዲያ ለምን በ4:00 አልለማመድም?» ቢል፣ መልሱ ከዚያው ስሌት ይገኛል። ለዚህ ሯጭ 4:00 ዛሬ ከ1,500 ሜትር ብዙም ርቆ ሊዘልቅበት የማይችል ፍጥነት ነው። በዚያ ፍጥነት አምስት ጊዜ 1,000 ሜትር መሮጥ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ድግግሞሽ ላይ ይፈርሳል።

ፍጥነቱ ካልተለወጠ የሚለወጠው ርቀቱና ዕረፍቱ ነው። አንድ ሰው መሮጥ ሲጀምር የኦክስጅን አጠቃቀሙ ወዲያውኑ ጣሪያ አይደርስም፤ አንድ ተኩል ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት 400 ሜትር ገና ሰውነት ሲሞቅ ያልቃል። ጥቅሙ እግርን ከፍጥነቱ ጋር ማለማመድ ነው። በ1,000 ሜትር ግን ሯጩ ከአራት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ግማሹን ያህል ወይም ከዚያ በላይ በከፍተኛው አቅሙ አካባቢ ይቆያል። በሦስተኛው ሳምንት በመሃል ያለው ሶምሶማ 2 ደቂቃ ተኩል ከሆነ፣ በአምስተኛው ወደ 2 ደቂቃ ይወርዳል። ሰዓቱ ያው ነው፤ ሥራው ግን ከብዷል። አሰልጣኙ እድገቱን ያስቀመጠው እዚህ ላይ ነው።

ዕረፍትን ከሥራው እኩል መለካት የቆየ ሐሳብ ነው። በ1930ዎቹ ጀርመናዊው አሰልጣኝ ቮልደማር ጌርሽለርና ሐኪሙ ሄርበርት ራይንዴል ቀጣዩ ሩጫ የሚጀመርበትን ጊዜ የሚወስኑት የልብ ምት ወደ 120 ሲወርድ ነበር። ጌርሽለር ያሠለጠነው ሩዶልፍ ሃርቢግ በ1939 ሚላን ላይ 800 ሜትርን በ1:46.6 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። የልብ ምት ከሰው ሰው ስለሚለያይ 120 ለሁሉም አይሠራም፤ ነገር ግን ዕረፍቱ አልቆ ትንፋሽ ገና አጭር ዐረፍተ ነገር የማያስጨርስ ከሆነ፣ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው።

በመም ላይ ሰዓቱን ለመጠበቅ የእጅ ሰዓት ጂፒኤስን ማመን አይመከርም። በኩርባው ላይ ርቀቱን ያዛባል። የተሻለው መንገድ መስመሩን መጠቀም ነው። 1,000 ሜትር ሁለት ዙር ተኩል ስለሆነ፣ ሯጩ ከመጨረሻው መስመር ማዶ፣ 200 ሜትር ላይ ይነሣል። መስመሩን መጀመሪያ በ54 ሰከንድ፣ ቀጥሎ በ2:42፣ በመጨረሻም በ4:30 ያልፋል። መሮጫው የውስጠኛው መስመር መሆን አለበት። ሁለተኛው መስመር በዙር 7 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በዚህ ፍጥነት ወደ ሁለት ሰከንድ ይጠጋል። ሁለተኛው መስመር ላይ ሮጦ 1:50 ያመጣ ሰው ቀርፎ ሳይሆን ርቀቱ ጨምሮበት ነው።

አብዛኛው ሯጭ የሚሳሳተው በመጀመሪያው ድግግሞሽ ላይ ነው። እግሩ ትኩስ ነው፣ 4:30 ቀላል ይመስለዋል፣ ባልንጀሮቹም ከፊቱ ይሮጣሉ። በሦስተኛው ሳምንት 4:15፣ 4:21፣ 4:33፣ 4:44፣ 4:52 የሮጠ ሰው ማታ አማካዩን ቢያሰላ 4:33 ያገኛል። ከታዘዘው በ3 ሰከንድ ብቻ ስለሚበልጥ ልምምዱ የተሳካ ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአቅሙ በላይ ነበሩ፤ ኦክስጅን ሊያቀርበው ያልቻለውን ጉልበት ሰውነቱ በሌላ መንገድ አመንጭቷል፣ ጡንቻውም ጠጥሯል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ከታሰበው ፍጥነት በታች ወርደዋል። በትክክለኛው ፍጥነት የሮጠው አንዱን ብቻ ነው። 4:31፣ 4:30፣ 4:30፣ 4:29፣ 4:29 የሮጠው ጓደኛው ግን አምስቱንም አግኝቷል፣ ሐሙስም እግሩ አይከብድም። ለዚህ ነው ጥሩ አሰልጣኝ አማካዩን ሳይሆን እያንዳንዱን ሰዓት በተራ ጽፎ እንዲላክለት የሚጠይቀው።

ቁጥሩ የተገኘበት ቦታም ወሳኝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ስለሆነች፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። 22:30ን ዱባይ በቀዝቃዛው ወራት ሮጦ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ላይ 1:48ን ሊይዝ ሲሞክር 400 ሜትሮቹ ይሳኩለት ይሆናል። ርቀቱ አጭር ስለሆነ የኦክስጅን እጥረቱ አይጎላም። 1,000 ሜትሮቹ ላይ ግን ይሰበራል፣ በዕረፍትም ትንፋሹ ቶሎ አይመለስም። መፍትሔው ሰንጠረዥ ፈልጎ መቀነስ ሳይሆን፣ ጥቂት ሳምንት ከለመደ በኋላ በሚለማመድበት ቦታ እንደገና መፈተን ነው። ሙከራው ሱሉልታ ተደርጎ ልምምዱ አቃቂ ከሆነም ያው ችግር በተቃራኒው ይመጣል፤ ሱሉልታ ከፍ ያለ ስለሆነ ቁጥሩ ከሚገባው በላይ ይዘገያል።

በሌሎቹ ቀናት ያለው ሩጫ በኪሎ ሜትር ከ5:40 እስከ 6:00 ቀስ ተብሎ የሚሮጥ ነው። ብዙ የክለብ ሯጮች ይህንን በ5:00 ይሮጡና ማክሰኞ ደክመው ይመጣሉ፤ ከዚያ 1:48 ከበደ ይላሉ።

በስድስተኛው ሳምንት እሑድ የሚደረገው ሙከራ ቁጥሩን የሚለውጠው ብቸኛው ነገር ነው። ሯጩ በ22:00 ከጨረሰ አዲሱ ፍጥነት በኪሎ ሜትር 4:24፣ በዙር ደግሞ 1:46 አካባቢ ይሆናል። በስድስት ሳምንት የተገኘው ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው፤ በአምስት ኪሎ ሜትር ሲሰላ ግን 30 ሰከንድ ያህል ነው። በ22:30 ወይም ከዚያ ዘግይቶ ከገባ፣ አሰልጣኙ ፍጥነቱን ከመቀየሩ በፊት የቀላል ቀናቱን ሰዓት፣ እንቅልፉንና የዕለቱን ሙቀትና ነፋስ ይጠይቃል። ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ካልተገኘ 1:48 ለሚቀጥለው ዙር ፕሮግራም እንዳለ ይቆያል።