ሻይ ሲቀዳ የማይታያት ሴት

እ.ኤ.አ. በ1978 ሙኒክ ውስጥ የምትኖር አንዲት የ43 ዓመት ሴት የአንጎሏ ደም መላሽ ሥር ውስጥ ደም ረግቶባት ታመመች። ሕይወቷ ቢተርፍም የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት አቃታት። ሻይ ስትቀዳ ፈሳሹ የረጋ በረዶ ይመስላታል፤ ስኒው ሲሞላ ስለማይታያት ይፈስባታል። መንገድ ልትሻገር ስትቆም ሩቅ ያየችው መኪና ድንገት አጠገቧ ይደርሳል። ቀለም ግን ትለያለች፣ ዕቃም ለይታ ታውቃለች። ዮዜፍ ዚልና ባልደረቦቹ ታሪኳን በ1983 ሲያሳትሙ ኤል ኤም ብለው ጠሯት።

ታዲያ አንጎል እንቅስቃሴን የሚያይበት የራሱ ክፍል አለው ማለት ነው? በእሷ ብቻ እንዲህ ማለት አይቻልም። ምናልባት እንቅስቃሴ ማየት ከቀለም ይልቅ ለአንጎል ከባድ ሥራ ይሆናል፤ የተጎዳ አንጎል ደግሞ አስቀድሞ የሚያቅተው ከባዱ ነው። ይህን ጥርጣሬ የሚያጠፋው ተቃራኒው ታማሚ ነው። የአንጎላቸው የኋለኛ ክፍል ከሥሩ በኩል ተጎድቶ ዓለም ግራጫ የሆነባቸው፣ የሚንቀሳቀሰውን ግን በዓይናቸው የሚከተሉ ሰዎች አሉ። እንቅስቃሴ ከቀለም የሚከብድ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ከባዱን ችለው ቀላሉ ባልጠፋባቸው ነበር። ሥራዎቹ በአንድ ሚዛን ላይ የተደረደሩ ሳይሆኑ የሚለያዩ መሆናቸውን የሚያሳየው ይህ ጥንድ ነው። የነርቭ ሳይንስ ሰዎች ድርብ መነጣጠል ይሉታል፤ ስያሜውን በ1955 ያስተዋወቀው ሃንስ ሉካስ ቶይበር ነው።

የተጎዳ አንጎል ግን የተመራማሪን ፍላጎት አይጠብቅም። ጉዳቱ የደም ሥሮችን መንገድ ተከትሎ ይሰፋል፣ በዚያ የሚያልፉ የነርቭ ገመዶችንም ይቆርጣል። የኤል ኤም ጉዳት ራሱ በሁለቱም የአንጎል ጎኖች ሰፊ ነበር። ከዚህም በላይ ሰውየው የሚመረመረው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ የምናየው የጎደለውን ክፍል ብቻ ሳይሆን የቀረው አንጎል ራሱን እንዴት እንዳደራጀም ነው።

ሌላው መንገድ ትራንስክራኒያል ማግኔቲክ ስቲሙሌሽን ነው፤ በ1985 አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ሼፊልድ ያስተዋወቁት። የተጠመጠመ ሽቦ ራስ ላይ ተደርጎ ለቅጽበት ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲለቀቅበት ማግኔታዊው ኃይል የራስ ቅልን አልፎ ከሥሩ ያሉትን ነርቮች ለጥቂት ጊዜ ያውካል። እንቅስቃሴን የሚያየውን ክፍል ለማግኘት ሽቦውን ከጭንቅላት ኋላ ካለው የአጥንት ጉብታ በላይ 3፣ ወደ ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያኖሩታል። ቦታውን ካገኙት ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ የሚንቀሳቀስ ብልጭታ ሊያይ ይችላል። በዚያ ቅጽበት ነጥቦች ወዴት እንደሚሄዱ ቢጠይቁት ይሳሳታል። መሣሪያው ጠቅ የሚል ድምፅ ስላለውና ጡንቻም ስለሚያንቀጠቅጥ፣ ስሕተቱ ከመደናገር እንዳልመጣ ለማረጋገጥ ያንኑ ምት በሌላ የጭንቅላት ቦታ ላይ፣ እንዲሁም በሌላ ሥራ ላይ ይሞክሩታል። ቪንሰንት ዋልሽና ባልደረቦቹ በ1998 ሲሠሩ ምቱ የእንቅስቃሴ ፍለጋን አበላሸ፤ እንቅስቃሴ በማያስፈልግበት ፍለጋ ግን አንዳንዴ ውጤትን አሻሻለ። በድምፁ የተደናገረ ሰው ሥራው አይሻሻልለትም።

እንግዲህ ሁለቱ መንገዶች የሚመልሱት ጥያቄ አንድ አይደለም። ጉዳት የሚጠይቀው ይህ ክፍል ለዘለቄታው ከጠፋ ሌላው ሊተካው ይችል እንደሆነ ነው፤ በኤል ኤም ዓመታት አልፈውም አልተተካም። ምቱ የሚጠይቀው ደግሞ ጤነኛ አንጎል በዚህች ቅጽበት በዚህ ክፍል ይጠቀም እንደሆነ ነው፤ ራሱን ለማደራጀት ጊዜ የለውምና። ስለዚህ ምት የሚያውከውን ሥራ ታማሚው ቢችለው ውጤቶቹ ተቃረኑ ማለት አይደለም፤ ክፍሉ ቢሠራም ተተኪ አለው ማለት ነው። ጉዳት ያጠፋውን ሥራ ምት ካልነካው ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ጉዳቱ የሚያልፍ ገመድ ቆርጦ ይሆናል፣ ወይም ምቱ ቦታውን ስቷል።

ታማሚ ከቶ ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄም አለ። ከዓይን የሚመጣውን መልእክት መጀመሪያ የሚቀበለው የአንጎል ቅርፊት ሲጎዳ ሰው ይታወራል፤ ክፍሉ በር ብቻ ይሁን ወይስ መልእክቱ ካለፈ በኋላም ያስፈልግ አይታወቅም። አልቫሮ ፓስኳል ሊዮኔና ዋልሽ በ2001 በእንቅስቃሴው ክፍል ላይ ብልጭታ ካስነሱ በኋላ ከ5 እስከ 45 ሚሊ ሰከንድ ዘግይተው በዚያ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ሁለተኛ ምት አሳረፉ። ብልጭታው ወይ ቆመ ወይ ጠፋ። መልእክቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ካልደረሰ ሰውየው እንቅስቃሴውን አያየውም ማለት ነው።

የቀለሙን ወገን ግን በዚህ መንገድ መመርመር አስቸጋሪ ነው። ምቱ ከራስ ቅል ሥር ጥቂት ሴንቲ ሜትር ካለፈ በኋላ ይዳከማል፤ ቀለም የሚታይበት ክፍል ደግሞ ከአንጎል ሥር ተደብቋል። ስለዚህ የጥንዱን ሁለተኛ ወገን ዛሬም በዋናነት የሚነግሩን ዓለም ግራጫ የሆነባቸው ታማሚዎች ናቸው።