እሳቱ ከተመልካቹ ጀርባ ይንደድ

የካ ውስጥ ያለ የድራማ ክበብ ለትምህርት ቤቶች ውድድር ተረት ቢፈልግ እኔ የምጠቁመው «የተራራው እሳት»ን ነው። ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ላሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድብል ርዕስ የሆነው እሱ ነው። አርሃ የሚባል አገልጋይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ተራራ አናት ላይ ሊያድር ከሀብታም ጌታው ጋር ይወራረዳል። አንድ ሽማግሌ ማዶ ካለው ተራራ ላይ እሳት ያነዱለታል፤ አርሃም እሳቱን እያየ ያነጋል። ጌታው ግን «እሳት አይተሃል» ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ይፈርድበታል።

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የሌሊቱን ብርድ ለየካ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። አስቸጋሪው ነገር የተረቱ እምብርት ምንም የማይሆንበት ሌሊት መሆኑ ነው። አብዛኛው ክበብ እዚህ ላይ ተራኪ ያስገባና «ሌሊቱን ሙሉ ተንቀጠቀጠ» ያሰኛል። ያኔ ተውኔቱ ተመልሶ ተረት ይሆናል።

መፍትሔው እሳቱን ከመድረክ ማውጣት ነው! ሽማግሌውን አዳራሹ መጨረሻ፣ ከተመልካቹ ጀርባ አቁሟቸው። እውነተኛ እሳት አያስፈልግም፤ በቀይ ላስቲክ የተሸፈነ ባትሪ ይበቃል። አርሃ በሰው ራስ ላይ አሻግሮ ያያል፣ እኛ ደግሞ ፊቱን እናያለን። ሽማግሌው እንቅልፍ ሲጥላቸው ብርሃኑ ይደክማል፣ የአርሃም ጉልበት ይከዳዋል። ደንግጠው ሲነቁ እሱም ቀና ይላል። አንዲት ቃል ሳይነገር ሁለት ሰዎች እየታገሉ ነው። ፍርዱ ሲሰጥ ተመልካቹ ራሱ ምስክር ነው፤ በመሃላቸው ተቀምጦ ስላደረ ሙቀት እንዳላለፈ ያውቃል።

የመጨረሻው ትዕይንት ግብዣው ነው። አንድ ትልቅ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ጠርተው የምግብ ሽታ ብቻ ያቀርቡላቸዋል። እዚህ ላይ ከአዳራሹ በር ውጭ ቡና ቁሉ። ሽታው እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ የችሎቱ ትዕይንት ሲጀመር ምጣዱ ይጣድ። በልምምድ ቀን አንድ ልጅ መሃል ወንበር ላይ አስቀምጡና ሽታው መቼ እንደደረሰው ጠይቁት። ንፋሱ ወደ ሌላ ከወሰደው፣ ምራቃቸውን የሚውጡ ተጋባዦችና ከመጋረጃ ጀርባ የሚንኳኳ ድስት ይተኩታል።

በተረቱ ጋባዡ ትምህርቱን አብራርተው ይናገራሉ። በመድረክ ግን ማማረሩን ለጌታው ስጡት፦

«ጌታዬ፣ ከመጣን ጀምሮ ሽታ ብቻ! መቼ ነው የምንበላው?»

«እንዴ፣ ሽታው አላጠገባችሁም?»

ዳኛው ወደ አርሃ ይዞራል፤ መጋረጃ። ከዚህ በኋላ ማብራሪያ የሚያስፈልግ ከመሰላችሁ መስመር አትጨምሩ፤ ተመልሳችሁ የሌሊቱን ትዕይንት ተለማመዱ፣ የጎደለው እዚያ ነው።