55.5 ቢሊዮን ብር በአንድ ገጽ

እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ላይ ይፋ የሆነ አንድ ጥናት አለ። በሕፃንነት የሚደርስ የምግብ እጥረት ኢትዮጵያን በዓመት ስንት ብር እንደሚያሳጣት ያሰላ ነው። የመንግሥት ባለሙያዎች ከአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ ከተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር ሆነው ነው የሠሩት። ለጤና፣ ለትምህርትና ለምርታማነት የየራሳቸው ስሌት አላቸው፤ ሠንጠረዡና የአሠራር ዘዴው ማብራሪያም ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሚኒስትር ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ አንድ የቢሮ ባለሙያ ይጠራና «በአንድ ገጽ አድርገህ አምጣልኝ» ይባላል። በየመሥሪያ ቤቱ «ኤክስኪዩቲቭ ሰመሪ» የሚባለው ይኸው ነው። ባለሙያው ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ በዚሁ ጥናት ላይ እንከተለው።

አንድ ኤ-4 ገጽ በመደበኛ የፊደል መጠን ከ350 እስከ 400 የአማርኛ ቃል ገደማ ይይዛል። ብዙ ሰው ይህን ቦታ የሚያባክነው ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምሮ ነው። ሪፖርቱ የተጻፈበትን ቅደም ተከተል ይዞ ከመግቢያው ይነሳል፤ የጥናቱን ዳራ፣ ዓላማ፣ ዘዴና የተሳተፉትን ተቋማት ይዘረዝራል። ምክረ ሐሳቡ ጋ ሲደርስ ሦስት መስመር ብቻ ይቀረዋል። የተቋማቱ ስም ሙሉ በሙሉ ተጽፎ ቁጥሮቹ ግን የተጣሉበት ማጠቃለያ ማየት ብርቅ አይደለም።

የተሻለው መንገድ ከኋላ መጀመር ነው። መጀመሪያ የሚነበበው ምክረ ሐሳቡ ነው። ይህ ጥናት የሚጠይቀውን በአጭሩ ብንለው እንዲህ ነው፦ የሕፃናት መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ወደ 10 በመቶ፣ ከዕድሜ አንጻር የክብደት ማነስ ደግሞ ወደ 5 በመቶ ይውረድ፤ ሥራው ለጤና ዘርፍ ብቻ አይተው፤ በተቻለ መጠን የአገር ውስጥ አቅምና ገንዘብ ይቅደም። ባለሙያው ይህን ወረቀት ላይ ካሰፈረ በኋላ ስለ እያንዳንዱ ጥያቄ «ይህን የተሸከመው ቁጥር የቱ ነው?» እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድም ምክረ ሐሳብ የማይሸከም ቁጥር፣ የቱንም ያህል የሚያስደንቅ ቢሆን፣ ከገጹ ይወጣል።

ሪፖርቱ ውስጥ ለመውጣት የሚያስቸግሩ ቁጥሮች አሉ። ከምግብ እጥረት ጋር ተያይዞ ከሚመጣው የጤና ወጪ 44 በመቶው ሕፃኑ አንድ ዓመት ሳይሞላው የሚወጣ ነው። ከምግብ እጥረትና ተያያዥ ሕመሞች 81 በመቶው ሕክምና አያገኝም። በአንደኛ ደረጃ ክፍል ከሚደግሙት 16 በመቶው ከመቀንጨር ጋር ይያያዛል። ሦስቱም ልብ ይነካሉ። ገጹ የሚሄደው ወደ ጤና ሚኒስቴር ከሆነ 81 በመቶው የግድ ይቀራል፣ ምክንያቱም አንባቢው ሊወስነው የሚችለውን ነገር ይመለከታል። የሚሄደው ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ከሆነ ግን ቦታውን ለዓመታዊው ኪሳራ ይለቃል። አንዱ ሪፖርት ሁለት የተለያዩ ገጾች ሊወጡት ይችላሉ ማለት ነው፤ ለሁሉም አንባቢ የሚሆን አንድ ገጽ ማዘጋጀት የሚቻል አይመስለኝም።

ገጹን ለገንዘብ ሚኒስቴር እንሥራው። ዋናው ቁጥር 55.5 ቢሊዮን ብር ነው። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው የሚጀምረው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ ብቻውን ሲሄድ በሦስት ቦታ ይሰናከላል።

አንደኛው ዓመቱ ነው። ስሌቱ የተሠራው በ2009 መረጃ ላይ ነው፤ ይህም በፈረንጆቹ አቆጣጠር። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ ምልክት ከወደቀች የኢትዮጵያ አንባቢ 2009 ዓ.ም. ብሎ ያነበዋል፤ ኪሳራውም ወደ ሰባት ዓመት ያህል ወደፊት ይገፋል። ሁለተኛው ድርሻው ነው። 55.5 ቢሊዮን ብር የዚያን ዓመት አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 16.5 በመቶ ነበር። ብሩ በዋጋ ንረት ምክንያት ትርጉሙ ስለሚቀየር፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል በመቶኛው ላይ እረጋለሁ። ሦስተኛው ምንዛሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በነበረው ምንዛሪ ገንዘቡ 4.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። አንድ ትጉህ ባለሙያ ገጹን «ወቅታዊ ላድርገው» ብሎ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ዋጋ ቢመነዝረው፣ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር እንኳ የማይሞላ ነገር ይወጣል። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ መልሱ ግን ሐሰት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የትርፉ ቁጥር ነው። ጥናቱ ሁለት መንገዶችን አስልቷል። የምግብ እጥረቱ በ2025 በግማሽ ቢቀንስ 70.9 ቢሊዮን ብር ይተርፋል። መቀንጨር ወደ 10፣ የክብደት ማነስ ወደ 5 በመቶ ቢወርድ ደግሞ 148 ቢሊዮን ብር። ይህ ትርፍ እስከ 2025 ባሉት ዓመታት ሁሉ የሚጠራቀም ነው፤ 55.5 ቢሊዮኑ ግን የአንድ ዓመት ኪሳራ ነው። ሁለቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢው «55 ከስረን 148 እናተርፋለን?» ይላል፤ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አንባቢም ብልህ ነው። «በዓመት» እና «እስከ 2025 በድምሩ» የሚሉት ቃላት ለማሳጠር ሲባል የሚወድቁት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ መቅረት ያለባቸውም እነሱ ናቸው። 70.9 እና 148ን ደምሮ 218.9 ያለም አይጠፋም፤ ሁለቱ ግን አማራጮች ናቸው፤ አንዱ ከሆነ ሌላው የለም።

70.9ኙን ጨርሶ ጥሎ 148ቱን ብቻ መያዝ ቦታ ይቆጥባል። እኔ ግን አልጥለውም። ወሳኙ ሰው ከባዱን ግብ ሲመርጥ ቀለል ያለው ግብ ምን እንደሚያስገኝ ማየት አለበት፤ ያለዚያ ገጹ የሚነግረው ውሳኔውን እንጂ ምርጫውን አይደለም።

ከቁጥር ይልቅ ግሥ ላይ የሚፈጸም ስሕተትም አለ። ሪፖርቱ ከሕፃናት ሞት 28 በመቶው ከምግብ እጥረት ጋር «የተያያዘ» ነው ይላል። ሲያጥር «28 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት በምግብ እጥረት ይሞታሉ» ይሆናል። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ተበላሸ፤ መያያዝ መንስኤ ሆነ፣ ከሟቾች ውስጥ የነበረው ድርሻም ከሁሉም ሕፃናት ውስጥ ተደረገ። ሁለተኛው በተለይ አስደንጋጭ ነው፤ ሆኖም ፈጥኖ ለሚያነብ ሰው አይታየውም። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ መቶኛ ባለበት ሁሉ «ከምን ውስጥ?» ብሎ መጠየቅ ነው። 67 በመቶ የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ በልጅነቱ የቀነጨረው ለሥራ የደረሰ ሰው ድርሻ እንጂ አሁን የቀነጨሩት ሕፃናት ድርሻ አይደለም።

በመቶኛ ነገር ላይ ሳለን አንድ ሌላ ምሳሌ ከሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ልጥቀስ። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 38 በመቶ ሆኑ። «በ20 በመቶ ቀነሰ» ማለት ስሕተት ነው፤ የወረደው በ20 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ከነበረበት ሲሰላ ደግሞ ቅነሳው ከሲሶ በላይ ነው። ቦታ ካለ ሁለቱን ዓመት ከነቁጥራቸው መጻፍ ከሁሉም ይሻላል፤ አንባቢው ራሱ ይቀንሳል።

እንግዲህ የገጹ አናት ይህን ይመስላል፦

«የሕፃናት የምግብ እጥረት እ.ኤ.አ. በ2009 አገሪቱን 55.5 ቢሊዮን ብር፣ ማለትም የዓመቱን አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 16.5 በመቶ እንዳሳጣት ጥናቱ ይገምታል። የኪሳራው ትልቁ ክፍል ከጤና ወጪ ሳይሆን ከምርታማነት የመጣ ነው፦ ለሥራ ከደረሰው ሕዝብ 67 በመቶው በልጅነቱ የቀነጨረ ሲሆን፣ የቀነጨሩ ልጆች በትምህርት ቤት የሚቆዩት ካልቀነጨሩት በ1.1 ዓመት ያነሰ ነው። ጥናቱ መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ወደ 10 በመቶ፣ የክብደት ማነስ ወደ 5 በመቶ እንዲወርድና ሥራው ከጤና ዘርፍ ውጭ ያሉትንም እንዲያካትት ይጠይቃል። ይህ ከተሳካ እስከ 2025 በድምሩ 148 ቢሊዮን ብር፣ እጥረቱ በግማሽ ብቻ ከቀነሰ 70.9 ቢሊዮን ብር ይድናል።»

ከገጹ ከሩብ ያነሰ ነው የወሰደው። የቀረው ቦታ ለምክረ ሐሳቡ ዝርዝር ይሆናል፦ ማን፣ ምን፣ በምን ገንዘብ፣ እስከ መቼ። ሪፖርቱ ከእነዚህ አንዱን ካልመለሰ ገጹ ላይ «ሪፖርቱ አልገለጸም» ይባላል፤ ከራስ አይሞላም። «ይጠይቃል» ያለውን «ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ብሎ ማለስለስም የቢሮ ልማድ ነው። ይህ ሐረግ ማንንም አያስቀይም፤ ማንንም ለምንም አያስገድድምና። «ይገምታል» የሚለውን ደግሞ «አረጋግጧል» ማድረግ በተቃራኒው አቅጣጫ ያጠፋል። ምክረ ሐሳቡ በነበረው ጥንካሬ፣ ግምቱም በነበረው ጥርጣሬ ነው መሻገር ያለበት።

ረቂቁ ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ በእርሳስ የሪፖርቱ ገጽ ቁጥር ይጻፋል። ከዚያ ረቂቁን ያልጻፈ ሌላ ሰው ሪፖርቱን ይዞ አንድ በአንድ ያመሳክራል። ጸሐፊው ራሱ ቢያመሳክር ዓይኑ የሚያውቀውን ነው የሚያነበው፤ 16.5 ቢሆን 15.6 ቢሆን አይለየውም። የገጽ ቁጥር ያልተገኘለት ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዜና ወይም ከሌላ ዓመት ጥናት ሾልኮ የገባ ነው።

ይህን ጥናት ዛሬ የሚያሳጥር ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር ይገጥመዋል፤ 2025 አልፏል። በመካከሉ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የመቀንጨርን ፍጻሜ ለ2030 ቀጥሯል። ባለሙያው 2025ን በ2030 ለመተካት ይፈተን ይሆናል፤ ነገር ግን 148 ቢሊዮኑ የተሰላው እስከ 2025 ስለሆነ ዓመቱ ሲቀየር ገንዘቡም ይፈርሳል። የሪፖርቱን ዓመት እንዳለ ትቶ፣ ከገጹ ግርጌ «የአዘጋጁ ማስታወሻ» በሚል ለይቶ፣ የጊዜ ገደቡ ማለፉንና አዲሱ ግብ 2030 መሆኑን በአንድ መስመር ይጽፋል።