ማንቸስተር ላይ የተቆጠሩ ብልጭታዎች

ፖሎኒየም አልፋ የሚባሉ ቅንጣቶችን ይተፋል። ቅንጣቱ ዚንክ ሰልፋይድ የተቀባ ስክሪን ላይ ሲያርፍ ኢምንት ብልጭታ ይፈጥራል። ብልጭታውን ለማየት ግን ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ መጠበቅ፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር በምታህል ቦታ ላይ ማፍጠጥ ያስፈልጋል። ኧርነስት ራዘርፎርድና ሃንስ ጋይገር ማንቸስተር ውስጥ ይህንኑ ሲያደርጉ ሰነበቱ፤ ውጤቱንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1910 አሳተሙት። ማወቅ የፈለጉት ቅንጣቶቹ በዘፈቀደ ይወጡ እንደሆነ ወይም አንዱ ሌላውን ይቀሰቅስ እንደሆነ ነበር።

ጊዜውን በሰባት ሰከንድ ተኩል እየከፋፈሉ 2,608 ቁራጭ ቆጠሩ። በጠቅላላው 10,097 ብልጭታ ታየ፤ ይህም በአንድ ቁራጭ በአማካይ 3.87 መሆኑ ነው። ዘፈቀደው ንጹሕ ከሆነ፣ ማለትም በየቅጽበቱ ብልጭታ የመምጣቱ ዕድል ምንጊዜም አንድ ዓይነትና ካለፈው ጋር ያልተያያዘ ከሆነ፣ ባዶ የሚያልፉት ቁራጮች ስንት እንደሚሆኑ በቀመር ማስላት ይቻላል። ፈረንሳዊው ፖዋሶን ስሙን የሰጠው ቀመር 54 ያህል ይላል። የታየው 57 ነው። ልክ ሦስት ብልጭታ ለታየባቸው ቁራጮች ደግሞ ቀመሩ 525 ሲል ቆጠራውም 525 ሆነ። ሁሉም ረድፍ ግን እንዲህ አልገጠመም። ሁለት ብልጭታ ላይ 407 ሲጠበቅ የተገኘው 383 ነው።

በብልጭታና በብልጭታ መካከል ያለው ጊዜ በአማካይ ወደ 1.94 ሰከንድ ነው። ይህን የሰማ ሰው ብልጭታዎቹ ሁለት ሁለት ሰከንድ እየጠበቁ የሚመጡ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ስርጭቱ ኤክስፖኔንሺያል ስለሆነ አጫጭሮቹ ክፍተቶች ይበዛሉ፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ከግማሽ ሰከንድ ያንሳል፣ ከስምንቱ አንዱ ደግሞ ከአራት ሰከንድ ይበልጣል። ሦስት ብልጭታ ተንጋግቶ ሲመጣ «ተጠራርተው ነው» ማለት ያምረናል፤ ንጹሕ ዘፈቀደ ግን መልኩ ይኸው መንጋጋት ነው። አራት ሰከንድ በከንቱ የጠበቀ ሰውም «አሁንስ ደርሷል» ሊል አይችልም፤ ቀሪው ጥበቃ በአማካይ ያው 1.94 ሰከንድ ነው።

ፖሎኒየሙ ወደየአቅጣጫው ሲተኩስ ማይክሮስኮፑ የሚያየው ጥቂቱን ብቻ ነው። ታዲያ ያመለጡት ቆጠራውን ለምን አላበላሹትም? እያንዳንዱ ቅንጣት ሌሎቹ የት እንደሄዱ ሳይመለከት የራሱን አቅጣጫ ስለያዘ ነው። አንድ ዘፈቀደ ጅረት በእንዲህ ያለ ዕጣ ሲከፈል የሚወጡት ቅርንጫፎች ራሳቸው ያንኑ ዓይነት ጅረት ናቸው፤ ፍጥነታቸው ብቻ ይቀንሳል። አንዱ ቅርንጫፍ ስለ ሌላው ምንም አያወራም፤ የማይታመነውም ይኼ ነው።

ስክሪኗን ቀኝና ግራ ብለን እኩል እንክፈላት። እንዲህ ከፍሎ የቆጠረ የለም፤ ስሌት ነው። ለየጎኑ አማካዩ 1.935 ይሆናል፤ አንድ ጎን በቁራጩ ውስጥ ጨልሞ የመቅረት ዕድሉም 14.4 በመቶ ነው። ከ2,608ቱ ቁራጮች ግራው 377 ያህል ጊዜ ይጨልማል። በእነዚያ ጊዜያት ቀኙ «የግራውንም ድርሻ ይወስዳል» ብሎ የሚጠብቅ ይሳሳታል፤ የቀኙ አማካይ ያው 1.935 ነው። ከ377ቱም 14.4 በመቶው ላይ ቀኙ አብሮ ይጨልማል፤ 54 ቁራጭ ማለት ነው። ሙሉዋ ስክሪን ጨለማ ትሆናለች ብለን ቀድመን ያሰላነው ቁጥር ራሱ መጣ።

በዕጣ ፈንታ በተራ ብንከፍል፣ አንዱን ብልጭታ ለቀኝ ቀጣዩን ለግራ እያልን ብንመዘግብ፣ ነገሩ ይፈርሳል። በየቁራጩ የሁለቱ ቁጥር ልዩነት ከአንድ አይበልጥም፤ አንዱን ያየ ሌላውን አወቀ ማለት ነው። የየወገኑ ክፍተትም ሁለት ክፍተት ተደምሮ ስለሆነ በጣም አጫጭሮቹ ይሳሳሉ።

ፍጥነቱ ራሱ ሲለወጥም ስሌቱ ይናጋል። ፖሎኒየም በ138 ቀን ገደማ በግማሽ ስለሚደክም፣ ራዘርፎርድና ጋይገር ቆጠራው በዘለቀባቸው አምስት ቀናት በየዕለቱ ወደ ስክሪኗ ጠጋ ያደርጉት ነበር። ባያደርጉት ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ፣ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ብልጭታ ይዘው፣ የቁጥሮቹ መዋዠቅ ከተገቢው በላይ ይሰፋ ነበር። የዓይን ድካም ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ተከታትለው የመጡ ሁለት ብልጭታዎች እንደ አንድ ከተቆጠሩ አጫጭሮቹ ክፍተቶች ይጠፉና መዋዠቁ ይጠብባል።

መለያው ቀላል ነው፦ በንጹሕ ጅረት ውስጥ ቫሪያንስና አማካይ እኩል ናቸው። ከማንቸስተሩ ሠንጠረዥ ሳሰላው አማካዩ 3.87፣ ቫሪያንሱ 3.70 ወጣልኝ። ጥቂት ጠቧል። አንዳንድ ጥንድ ብልጭታ አምልጧቸው ይሆናል፤ በ2,608 ቁራጭ ግን ይህን ያህሉ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል።