ኪቦርዱና የጠፋው 10 ደቂቃ

የአይኤልትስ ፈተና በወረቀት ሲሰጥ የማዳመጥ ክፍሉ እንዳበቃ ተፈታኙ 10 ደቂቃ ያገኛል። በጥያቄው ወረቀት ላይ የጫረውን መልስ ወደ መልስ መስጫው የሚገለብጠው በዚያ ጊዜ ነው። በኮምፒውተር የሚፈተን ሰው ግን መልሱን የሚተይበው ድምፁ እየሄደ ሳለ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚሰጠው 2 ደቂቃ ለማረጋገጥ ብቻ ነው። ብዙ ተፈታኞች ነጥብ የሚጥሉት ይህን ለውጥ ሳይለማመዱ ሲገቡ ነው።

አንድ ተፈታኝ በባዶው ቦታ accommodation መግባት እንዳለበት ሰማ እንበል። ፊደሎቹን ሲፈልግ ዓይኑ ወደ ኪቦርዱ ይወርዳል። ሁለቱን c እና ሁለቱን m አሟልቶ ቀና ሲል ተናጋሪዋ ቀጣዩን መልስ ተናግራ አልፋለች። የሚሻለው acco ብሎ ማለፍና በክፍሎቹ መካከል ባለው አጭር ፋታ መሙላት ነው። ይህ ዘዴ አንድ አደጋ አለው፤ ኮምፒውተሩ ጅምሩን ቃል እንደ ተመለሰ ጥያቄ ስለሚቆጥረው ተፈታኙ በኋላ ሊረሳው ይችላል። ስለዚህ የጥያቄውን ቁጥር በሚሰጠው የማስታወሻ ወረቀት ላይ ጻፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

በጽሑፍ ክፍሉ ችግሩ ሌላ ነው። በ60 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጽሑፎች ይጠየቃሉ፤ የመጀመሪያው ቢያንስ 150፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃላት። ለሁለተኛው 40 ደቂቃ ያህል መመደብ የተለመደ ነው። በደቂቃ 8 ቃል የሚተይብ ሰው 250ውን ቃል ለመጻፍ ብቻ 31 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ለማሰቢያና ለማረሚያ 9 ደቂቃ ይቀረዋል። በደቂቃ 20 ቃል ለሚተይበው ግን 12 ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። ከዚያ በላይ መፍጠን የሚያተርፈው ጊዜ እያነሰ ይሄዳል።

ታዲያ ፈተናው ሲቃረብ በአሥር ጣት መተየብን ከባዶ መጀመር ያስፈልጋል? አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የፊንላንዱ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ በራሳቸው የተማሩና በጥቂት ጣቶች የሚተይቡ ሰዎች በሥርዓት የሠለጠኑትን ያህል ሊፈጥኑ እንደሚችሉ አሳይቷል። ፍጥነት ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ እያንዳንዱን ፊደል ሁልጊዜ በአንድ በተወሰነ ጣት መምታት ነው። በስልክ በአውራ ጣት ብቻ መጻፍ የለመደ ሰው ፊደልን በተወሰነ ጣት የመምታትን ልማድ በትልቁ ኪቦርድ ላይ እንደ አዲስ መገንባት አለበት። አማርኛን በኮምፒውተር በእንግሊዝኛ ፊደላት አማካይነት የሚጽፍ ግን ቁልፎቹን ቀድሞ ያውቃቸዋል።

የማስታወሻ ልማድም ይለወጣል። በወረቀት ላይ አንቀጽ ማዛወር ስለሚከብድ ሰው ቀድሞ ያቅዳል። ስክሪን ላይ ማንቀሳቀስ ስለሚቀል ብዙዎች ሳያቅዱ ይጀምሩና መሐል ላይ ሐሳባቸው ይበተናል። አቋምንና የየአንቀጹን ዋና ሐሳብ በእርሳስ በአራት መስመር አስፍሮ መጀመር ይህን ያስቀራል።

ፍጥነትን ለመለካት ሌላ ሰው የጻፈውን መገልበጥ ያታልላል፤ ሐሳብ ማፍለቅ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርምና። ፊደል አራሚው በጠፋበት እንደ ኖትፓድ ባለ ፕሮግራም ላይ ለአንድ የድርሰት ጥያቄ 10 ደቂቃ ጽፎ ቃላቱን ለ10 ማካፈል እውነተኛውን ፍጥነት ያሳያል። ፈተናውም ስሕተትን በቀይ አያሰምርምና፣ በዚያው ልምምድ ላይ የትኞቹ ቃላት በተደጋጋሚ እንደሚሳሳቱ አብሮ ይታያል።